ናስትሮ ሽቦ አይይዝም

አክስቴ ቤት ምጣዱ ማስቸገር ከጀመረ ሰነባብቶ ነበር። አንዳንድ ቀን ሦስት አራት እንጀራ ካወጣ በኋላ ድንገት ይቀዘቅዛል፤ ሶኬቱን ነቅነቅ ሲያደርጉት ደግሞ ይመለሳል። አክስቴ መጀመሪያ ምጣዱን ጠረጠረች፤ ወስዳ አስፈተሸችው፣ ደህና ነው ተባለ። ቀጥላ የመብራቱን መዋዠቅ ወቀሰች። ከሶኬቱ ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ ያለው የሳጥን ክዳን ጠርዙ ቢጫ መሆኑን ያስተዋለችው ቆይታ ነው። ያን ቀን ወጥ ቤቱ የተበላሸ ዓሣ የሚመስል ሽታ ሸቶ ነበር፤ በዚያ ሳምንት ግን ዓሣ የገዛ ሰው በቤቱ አልነበረም።

ኤሌክትሪሻኑ መጥቶ ብሬከሩን አጠፋ፤ ክዳኑንም በካቻቢቴ ፈታው። ከቆጣሪው በኩል የሚመጣው ባለ 4 ገመድ፣ ወደ ምጣዱ ሶኬት የሚወርደው ባለ 4 ገመድና ዘግይቶ ለፍሪጅ የተቀጠለ ባለ 2.5 ገመድ፣ ሦስቱም በፒንሳ አንድ ላይ ተጠምዝዘው በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልለዋል። ናስትሮው እንደ ቀለጠ ማስቲካ ሆኗል። ሲልጠው ከሥሩ ያለው መዳብ መቅላቱ ቀርቶ ጠቁሯል፤ የሽቦዎቹ ልባስም ሁለት ጣት ያህል ደርቆ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል።

«ማነው የሠራልዎት እማማ?»

«አንድ ልጅ ነበር፤ ደህና አድርጎ ነበር የጠቀለለው እኮ።»

«ጥቅልሉስ ደህና ነው። ችግሩ ናስትሮ ሽቦ አይይዝም። ይሸፍናል እንጂ አይይዝም።»

አክስቴን ይበልጥ ያናደዳት ብሬከሩ ነበር። «ታዲያ ይሄ ሁሉ ሲቃጠል እሱ ምን ይሠራ ነበር?» አለች። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ደግሞ የሽቦ አቀጣጠልን ምሥጢር ሁሉ የያዘ ነው። ምጣዱ 3,500 ዋት ይወስዳል። በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ይሆናል። ፍሪጁ አንድ አምፔር ቢጨምርበት 17 ነው። ብሬከሩ የ20 አምፔር ስለሆነ ለእሱ ሁሉም ነገር ሰላም ነው። ብሬከር የሚቆጥረው በሽቦው ውስጥ የሚያልፈውን ከረንት እንጂ መንገድ ላይ አንዷ መገጣጠሚያ ምን ያህል እንደጋለች አይደለም።

መገጣጠሚያዋ ግን የራሷ ሒሳብ አላት። በአንድ ቦታ የሚወጣው ሙቀት ከረንቱ በራሱ ተባዝቶ፣ እንደገና በቦታው ተቃውሞ ተባዝቶ የሚገኝ ነው። 16 በ16 ሲባዛ 256 ነው። ጥሩ መገጣጠሚያ ተቃውሞው የአንድ ኦም አንድ ሺህኛ ወይም ከዚያ በታች ስለሆነ የሚያወጣው ሙቀት ሩብ ዋት አካባቢ ነው፤ እጅ ላይ እንኳ አይታወቅም። የላላና የጠቆረ መገጣጠሚያ ግን ተቃውሞው ወደ አንድ አሥረኛ ኦም ሊደርስ ይችላል። ያኔ 25 ዋት ያወጣል። ሬዲዮ ጠጋኞች ቆርቆሮ የሚያቀልጡባት ትንሿ መበየጃ 25 ዋት የሆነች አለች። አክስቴ እንጀራ በጋገረች ቁጥር ግድግዳዋ ውስጥ፣ በናስትሮ ተጠቅልሎ፣ የዚያን ያህል ሙቀት ይወጣ ነበር ማለት ነው። ለቤት የምንጠቀምበት የፒቪሲ ልባስ ደግሞ እንዲችል የተሠራው እስከ 70 ዲግሪ ነው።

የተጠመዘዘ ሽቦ መጀመሪያ ቀን ላይ ጠንካራ መስሎ ይታያል፤ ሠሪውም የሚታለለው እዚያ ላይ ነው። ሲግል መዳቡ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ እንጀራ በተጋገረ ቁጥር ይህ ይደገማል። መልሶ የሚጨምቀው ነገር ስለሌለ ጥምዝማዙ በጥቂቱ እየላላ ይሄዳል። በላላው ክፍተት አየር ይገባል፣ መዳቡ ይጠቁራል፣ ተቃውሞው ይጨምራል፣ ስለዚህ የበለጠ ይግላል። አክስቴ ቤት አንድ ተጨማሪ ጣጣ ነበረ። ባለ 4ቱ ገመዶች ሰባት ሰባት ክር ያላቸው ሲሆኑ የፍሪጁ 2.5 ግን አንድ ወጥ ሽቦ ነበር። ክሮቹ በወጡ ሽቦ ላይ ይጠመጠማሉ እንጂ እሱ ራሱ አይጠመዘዝም፤ በመሃል ቀጥ ብሎ እንደ ምሰሶ ይቆማል። ኤሌክትሪሻኑ በሁለት ጣቱ ሳብ ሲያደርገው ሾልኮ ወጣ።

እንግዲህ ማንኛውም የሽቦ ማያያዣ ሲመረጥ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ከአምስት ዓመት በኋላ መዳቡን ከመዳቡ ጋር ተጭኖ የሚይዘው ምንድን ነው? ባለ ማንሻው ማያያዣ፣ የሚጠመዘዘው ቆብና ሶልደር ለዚሁ ጥያቄ የተሰጡ ሦስት የተለያዩ መልሶች ናቸው።

ባለ ማንሻውን ገበያ ላይ ብዙ ሰው «ዋጎ» ይለዋል፤ ስሙ በ1951 ሚንደን በምትባል የጀርመን ከተማ ከተቋቋመ ኩባንያ የመጣ ነው። ግልጽ የፕላስቲክ ሳጥን ሆኖ ላዩ ላይ ብርቱካንማ ማንሻዎች አሉት። ውስጡ ሁለት ነገር አለ፦ ከረንቱን የሚያሳልፍ ቆርቆሮ የተቀባ የመዳብ ቁራጭና ሽቦውን በዚያ ላይ የሚጫን የብረት ምላስ። ምላሱ ስፕሪንግ ነው። መዳቡ ሲለጠጥ ይለቅለታል፣ ሲሰበሰብ ይከተለዋል። አምስት ዓመት ሙሉ የሚጨምቀው እሱ ነው። እያንዳንዱ ሽቦ የራሱ ቀዳዳና የራሱ ምላስ ስላለው ባለ ክሩና ወጡ ሽቦ አይጣሉም፤ ባለ 4ቱና ባለ 2.5ቱም ጎን ለጎን ይገባሉ።

ለአክስቴ ቤት የተመረጠው ይኸው ነበር። ኤሌክትሪሻኑ መጀመሪያ የተቃጠለውን ሽቦ ሁሉ የሚያበራ ቀይ መዳብና ለስላሳ ልባስ እስኪያገኝ ድረስ ቆረጠው። ይህን የሚዘል ሠራተኛ ብዙ ነው፤ የጠቆረ መዳብ ላይ የተገጠመ አዲስ ማያያዣ ግን ያው አሮጌ መገጣጠሚያ ነው። የቀረው ገመድ ስላጠረ ከሶኬቱ በኩል አዲስ ሳበ። ከዚያ የእያንዳንዱን ጫፍ 11 ሚሊ ሜትር ላጠ። ልኩን ከየት እንዳመጣው ስጠይቀው ማያያዣውን ገልብጦ ጎኑን አሳየኝ፤ የሚላጠው ርዝመት እዚያው ላይ በሥዕል ተቀርጿል። ማንሻውን ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ ከፈተ፣ ሽቦውን እስከ መጨረሻው ገፋ፣ ማንሻውን ጠቅ እስኪል ዘጋ። ሦስት ቀዳዳ ያላቸው ሦስት ማያያዣዎች አለቁ፤ አንዱ ለፌዝ፣ አንዱ ለኒውትራል፣ አንዱ ለአርዝ። ኒውትራሉ የሚሸከመው ከረንት ከፌዙ ጋር እኩል መሆኑን የሚረሳ አለ፤ አክስቴ ቤት ኒውትራሉም ላይ ያለው ናስትሮ ቀልጦ ነበር።

ግልጽ ፕላስቲክ መሆኑ ለውበት አይደለም። በጎኑ ሲታይ የመዳቡ ጫፍ መጨረሻው ድረስ መድረስ አለበት፤ ከመግቢያው ውጭ ደግሞ እርቃን መዳብ መታየት የለበትም። አጥሮ ከተላጠ ምላሱ መዳቡን ትቶ ልባሱን ይነክሳል፤ ሽቦው ተሳስቦ አይወጣም፣ ከረንት ግን በደንብ አያልፍም። ከስህተቶቹ ሁሉ ተንኮለኛው ይህ ነው፤ ምክንያቱም የመሳብ ፈተናውን ያልፋል። ሌላው ልኩ ነው። የተለመደው መጠን 32 አምፔርና እስከ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ድረስ ነው። ባለ 6 ገመድ ካለ ለእሱ የተሠራ ተለቅ ያለ አለ፤ ጥቂት ክር ቆርጦ ጥሎ በትንሹ ውስጥ ማስገባት ሽቦውን ራሱን ማቅጠን ነው። በአንድ ቀዳዳ ሁለት ሽቦ አይገባም። አስመስለው የተሠሩም ሞልተዋል፤ ጎኑ ላይ አምፔሩ፣ የሽቦው ልክና የሚላጠው ርዝመት ያልተጻፈበትን፣ ማንሻውም ሲዘጋ ልፍስፍስ የሚለውን አልገዛም።

የሚጠመዘዘው ቆብ የቆየ ነው። ዊሊያም ማር የተባለ የካናዳ ሰው በ1914 የጀመረው ነው፤ ዛሬም ካናዳውያን ቆቡን በእሱ ስም «ማረት» ይሉታል። በዚያ ዘመን በየቤቱ መገጣጠሚያ የሚታሰረው በእሳትና በቀለጠ ቆርቆሮ ነበርና ያለ እሳት የሚሠራ መላ ትልቅ እፎይታ ነበር። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን የቤታቸውን ማብሪያ ማጥፊያ ቢፈቱ ቀይና ቢጫ ቆቦች ያገኛሉ። እኛም አገር እንግዳ አይደለም፤ የሕንፃ ሥራ ዝርዝሮች ስለ አምፖል መስመር ሲያወሩ ሳጥኑን ከነክዳኑ፣ ቆቡንም ጨምረው ይጠይቃሉ። ዝርዝሩ ላይ ያለው ቆብ ሳጥኑ ውስጥ መድረሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ከፕላስቲኩ ቆብ ውስጥ ወደ ላይ የሚጠብ ስፕሪንግ አለ። ሽቦዎቹ አንድ ላይ ተይዘው ቆቡ ወደ ቀኝ ሲጠመዘዝ ስፕሪንጉ መዳቡን እየነከሰ ይወጣል፣ ትንሽ ይከፈትና መልሶ ይጨምቃል። ስለዚህ የሚይዘው ስፕሪንጉ ነው፤ ሠሪው ግን ከባለ ማንሻው ይልቅ በእጁ ችሎታ ላይ ይመካል። ጫፎቹ እኩል መሆን አለባቸው። ባለ ክርና ወጥ ሽቦ ሲገናኙ ባለ ክሩ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ቀድሞ ይወጣል፤ ካልሆነ ቆቡ ሲዞር ክሮቹ ወደ ኋላ ይሸሹና ወጡ ሽቦ ብቻውን ይነከሳል። ቆቡ እጅ እስኪከብደው ይጠበቃል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ሽቦ ለየብቻው ይሳባል። አንድ ላይ ቢሳቡ የጠበቁት የላላውን ይደብቁታል። ከቆቡ አፍ በታች መዳብ ከታየ ፈትቶ አሳጥሮ መድገም ነው እንጂ በናስትሮ መሸፈን አይደለም።

የቆቡ ትልቁ ድካም ልኩ ነው። እያንዳንዱ መጠን የሚይዘው የሽቦ ቁጥርና ውፍረት ማሸጊያው ላይ ተጽፏል፤ እኛ ጋ ግን ቆብ የሚሸጠው በፍሬ ከካርቶን እየተቆነጠረ ስለሆነ ጽሑፉ ሱቅ ይቀራል። ቀለሙም ከአምራች አምራች ይለያያል። ሰፊ ቆብ ለሁለት ቀጭን የአምፖል ሽቦ ሲገጠም ይሽከረከራል እንጂ አይነክስም። በልኩ የተመረጠ ቆብ ለ1.5 የአምፖል መስመር ርካሽና አስተማማኝ ነው። እንደ አክስቴ ላለው የሦስት ሽቦ ቅልቅል ግን ባለ ማንሻው ዋጋው ቢበልጥም እሱን እመርጣለሁ።

ሶልደር ሦስተኛው መልስ ነው፤ ስፕሪንግ የለውም። የቀለጠ ብረት በመዳቡ ክሮች መካከል ሰርጎ ይረጋል፣ አየርም አያስገባም። በሚገባ ከተሠራ ተቃውሞው እጅግ ዝቅተኛ ነው። «ታዲያ ከሁሉም እሱ አይበልጥም?» የሚል ይኖራል። ለራዲዮ፣ ለስፒከር፣ ለቻርጀር ገመድ፣ ቦታ ለማይበቃው ቀጭን ሽቦ ሁሉ ይበልጣል። ለምጣድ መስመር አይበልጥም። የተለመደው የቆርቆሮና የእርሳስ ቅልቅል የሚቀልጠው ከ183 ዲግሪ ጀምሮ ነው፤ መገጣጠሚያው በሌላ ምክንያት ከጋለ ያረፈበት ሁሉ ይፈስሳል። ባለ 4 መዳብ ደግሞ ሙቀቱን እየጠጣ ይወስደዋል፤ ትንሿ መበየጃ አታግለውም። ጠጋኙ በዚያው ላይ ሲቆይ የሚቀልጠው ልባሱ ነው።

ደንቡ ሶልደር ይሸፍናል፣ ያጠናክራል እንጂ ብቻውን አይሸከምም ነው። ሁለቱ ጫፎች ተላጥተው መጀመሪያ ይጠላለፋሉ፤ አንዱ በሌላው ላይ አምስት ስድስት ጊዜ ጠበቅ ብሎ የሚጠመጠምበት የቴሌግራፍ ሠራተኞች አያያዝ ከሁሉ የተሻለው ነው። ከዚያ መበየጃው የሚነካው ሽቦውን እንጂ ሶልደሩን አይደለም፤ ሶልደሩ በጋለው መዳብ ላይ ራሱ ቀልጦ መስረግ አለበት። የክሮቹ ቅርጽ ከሥር እየታየ ስስ ሆኖ ከተረጋ ተሳክቷል። እንደ ኳስ ተንጠባጥቦ ላዩ ላይ ከቆመ መዳቡ አልጋለም ማለት ነው፤ ጠጋኞች «ቀዝቃዛ» የሚሉት ይህ ነው፣ ሲነካም ይላቀቃል። የሚያጸዳው ቅባት ለኤሌክትሮኒክስ የተሠራው የሙጫ ዘር ይሁን፤ የቧንቧ ሠራተኞች አሲድ ያለበት ቅባት መዳቡን ቀስ እያለ ይበላዋል። ሶልደር የጠጣ ሽቦ ደግሞ ከሚጣጣፈው ክፍል ጋር በሚገናኝበት ቦታ ይሰበራል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ለሚንቀሳቀስ ገመድ አይሆንም። አንድ ነገር ልጨምር፦ የክሩን ጫፍ ሶልደር አጠጥቶ በብሎን ማሰር እንደ ጥንቃቄ የሚቆጥሩት አሉ። ሶልደር ግን ለስላሳ ነው፤ ከብሎን ሥር ቀስ በቀስ ይሸሻል፣ ብሎኑም ይላላል።

አሁን ወደ ሽፋኑ። ባለ ማንሻውም ቆቡም ሽፋናቸውን ይዘው ተሠርተዋል፤ ላያቸው ላይ ናስትሮ መጠቅለል የሚጨምረው የለም፣ ጥፋቱን ግን ይደብቃል። ሽፋን የሚፈልገው ሶልደሩ ነው። ምርጡ ሲሞቅ የሚሸበሸበው ቱቦ ነው፤ ከሽቦው ሰፋ ያለ ሆኖ ሲሞቅ ወደ ግማሽ ይጠባል። ከመገጣጠሚያው ግራና ቀኝ ደህናው ልባስ ላይ ቢያንስ አንድ ሴንቲ ሜትር እንዲደርስ ይቆረጣል። ሽቦው ከመያያዙ በፊት መግባት አለበት። ይህን የምጽፈው ሦስት ጊዜ ሶልደር ጨርሼ ቱቦው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ስላየሁት ነው። እርጥበት ላለበት ቦታ ውስጡ ሙጫ ያለው ዓይነት አለ።

ናስትሮ ብቻ ካለም በአግባቡ ይጠቀለል። ጅማሬው መዳቡ ላይ ሳይሆን ደህናው ልባስ ላይ ነው። ወጠር እየተደረገ፣ እያንዳንዱ ዙር ያለፈውን ግማሽ እየሸፈነ ወደ ሌላኛው ደህና ልባስ ይሄዳል፤ በዚያው አኳኋን ይመለሳል። በመጨረሻው ዙር ግን ሳይወጠር መለጠፍ ነው፤ ተወጥሮ ያለቀ ጫፍ ራሱን እየሳበ ይገለጣል። የሶልደሩ ሹል ጫፍ ካለ አስቀድሞ ይታጠፍ፤ ያ ስስ ፕላስቲክ በሹል ነገር ይበሳል። ሲጨርሱ ሽፋኑ ከሽቦው ልባስ የሳሳ መሆን የለበትም።

ከሦስቱ በየትኛውም ቢሠራ መገጣጠሚያ ቦታው ክዳኑ በሚከፈት ሳጥን ውስጥ ነው። በኮንዲዩት ቱቦ ውስጥ የተሳበ፣ በልስን የተቀበረ መገጣጠሚያ ሲግል የሚያሳውቀው ሽታ እንኳ ዘግይቶ ይመጣል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ስላለው ነገር ኤሌክትሪሻኑ የነገረኝን ሳልጽፍ አላልፍም። መብራት በጠፋበት ሰዓት «አሁንማ የለም» ብሎ ሳጥን መክፈት የተለመደ ነው። መብራት ሲመለስ አያስጠነቅቅም። ብሬከሩ በእጅ ይጥፋ፤ ቴስተሩ መጀመሪያ መብራት ባለበት ሶኬት ይሞከር፣ ቀጥሎ ሳጥኑ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ሽቦ ይነካ፣ በመጨረሻ ቴስተሩ እንደገና ባለበት ሶኬት ይሞከር። መሃል ላይ የሞተ ቴስተር ሁሉንም ሽቦ ሰላም ነው ይላል። መብራት ጭራሽ ከጠፋ ደግሞ ቴስተሩን የሚፈትሹበት ሶኬት ስለሌለ መብራት እስኪመለስ መጠበቅ ነው። የሽቦ ቀለም አይታመንም፤ አክስቴ ቤት ፌዙ የነበረው በጥቁሩ ነው።

ክዳኑ ሳይገጠም ምጣዱ ተሰካ፤ ማንም ወደ ሳጥኑ እንዳይጠጋ ኤሌክትሪሻኑ ራሱ እዚያው ቆመ። አክስቴ ግማሽ ሰዓት ጋገረች። ከዚያ ብሬከሩን አጥፍቶ፣ በቴስተር አረጋግጦ፣ በእጁ ጀርባ መጀመሪያ ገመዱን፣ ቀጥሎ ማያያዣውን ዳሰሰ። ገመዱ ለብ ብሏል፤ ማያያዣውም ያንኑ ያህል። ማያያዣው ከገመዱ የበለጠ ቢሞቅ ኖሮ ፈትቶ ይደግመው ነበር። ክዳኑን ገጠመና ሁለት እንጀራ በልቶ ሄደ።

አንድ ነገር ቀርቷል። አክስቴ ሲሸኘው የምጣዱን ገመድ አሳየችው፤ መሃሉ ላይ በናስትሮ ያበጠ ቦታ አለ። «ይሄንንስ በዚያችው በማንሻዋ አድርገህ ብትቀጥልልኝ?» አለችው። እምቢ አለ። ባለ ማንሻው ሲጎተት የሚችል መያዣ የለውም፣ ቆቡም እንዲሁ፣ ሶልደሩ ይሰበራል። ወለል ላይ ለሚጎተት የምጣድ ገመድ ከሦስቱ አንዳቸውም አይሆኑም፤ ገመዱ ከነሙሉው ይቀየራል።